የሰኞ ቃል

ማታ የሚመጣን ኢሜይል ወዲያው መመለስ እወዳለሁ። ይህን ለብዙ ጊዜ ትጋት ብዬው ኖሬአለሁ። ራሴን ስመረምር ግን ከትጋቱ ሥር ሌላ ነገር አገኛለሁ፤ ሥራው ያለ እኔ እንዳይንቀሳቀስ መፈለግን።

የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ገዢዎቻችን ሲያትል ናቸው። በጃንዋሪ እነሱን በ11 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እኛ ሰዓታችንን ስለማናዛውር፣ እነሱ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሲያዛውሩ ልዩነቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል። በጃንዋሪ እነሱ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲገቡ፣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለታችንም ጠረጴዛ ላይ የምንገኝበት ሰዓት የለም። ስለዚህ ያልተሟላ አንድ ጥያቄ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። የጭነት ሰነዱ ረቂቅ ላይ የተቀባዩ አድራሻ ይስተካከል ብለው የትኛው አድራሻ እንደሆነ ካልጻፉ፣ እኔ ጠዋት እጠይቃለሁ፣ እነሱ በራሳቸው ጠዋት ይመልሳሉ፣ እርማቱ በማግስቱ ይሠራል።

«በ24 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል የምመርጠው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። ስመረምረው ግን ማንንም የማይጠቅም ቃል ነው። ዓርብ ጠዋት ከሲያትል የተላከ ጥያቄ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ዓርብ ማታ ነው፤ 24 ሰዓቱ ቅዳሜ ማታ ያልቃል። ቃሌን ልጠብቅ ካልኩ የቤተሰቤን ቅዳሜ እሰጣለሁ፤ ካልጠበቅሁ ቃል አጣፊ እሆናለሁ። አሁን የምጽፈው ሰዓት ሳይሆን መልሱ የሚደርስበትን ጠዋት ነው፤ «ከሰኞ እስከ ሐሙስ የጻፋችሁልኝን በማግስቱ ጠዋታችሁ፣ ዓርብ የጻፋችሁልኝን ሰኞ ጠዋታችሁ ታገኛላችሁ።» ጥያቄው መጋዘን ወይም ማኅበር መጠየቅን የሚፈልግ ከሆነ በዚያ ጠዋት የሚደርሳቸው «ደርሶኛል፣ ሙሉው መልስ በዚህ ቀን ይመጣል» የሚል ነው። መድረሱን ማሳወቅና መመለስ ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ናቸው።

በዓል ሲመጣ ይኸው ጉዳይ ይከብዳል። የ2018ን ገና ልውሰድ። ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ላይ ዋለ። ሲያትሎች ከራሳቸው በዓል ሰኞ ጃንዋሪ 5 ሲመለሱ፣ እኛ ለመውጣት እየተሰናዳን ነበር። ከእነሱ አንዱ «ሰኞ እመለሳለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ የእሱ ሰኞ የሚጀምረው በእኛ ሰኞ ምሽት ስለሆነ መልሱን የማገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ግን «ሰኞ እመለሳለሁ» ብል፣ ቀኔን ሙሉ ሠርቼ የላክሁት እነሱ ሰኞ ሲነቁ ይጠብቃቸዋል። አንድ ዓይነት ቃል በአንዱ አቅጣጫ አንድ ቀን ያጎድላል፣ በሌላው አያጎድልም። ለዚያ በዓል የሚሆነው ማስታወቂያ እንዲህ ነው፦

«እስከ እሑድ ጃንዋሪ 11 በገና በዓል ምክንያት ከሥራ ውጭ ነኝ፤ ኢሜይል አላነብም። መልሴን በሲያትል ሰዓት ሰኞ ጃንዋሪ 12 ጠዋት ታገኛላችሁ። ባልደረባዬ ሐሙስና ዓርብ ትሠራለች፤ የጭነት ሰነድ ማረም ትችላለች። ዋጋና የመጫኛ ወር መቀየር እኔን ይጠብቃል።»

ይህን ከመውጣቴ ሳምንት ቀደም ብዬም ለገዢዎቹ እልካለሁ። በራሱ የሚላከው ማስታወቂያ የሚደርሰው ለጻፈልኝ ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ቀድሞ ተልኳል።

ከማስታወቂያው ለመጻፍ የሚከብደኝ «ማረም ትችላለች» የሚለው ነው። «ለአስቸኳይ ጉዳይ ደውሉልኝ» ማለት ይቀለኛል፤ እዚህ ላይ ነው ራሴን የማገኘው። ስልኬን የምሰጠው ለገዢው ስለምጨነቅ ብቻ አይደለም፤ ባልደረባዬ ጉዳዩን ብትጨርሰው የእኔ አለመኖር ሳይታወቅ ያልፋል ብዬ ስለምፈራም ነው። ለዚህ ፍርሃት ዋጋ የሚከፍሉት ሁለት ናቸው፤ ሥልጣን ሳይሰጣት የምትወከለው እሷና ማን እንደሚወስን የማያውቀው ገዢ።

የማታ መልስ ግን ከንቱ ነው አልልም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተመለሰ ጥያቄ ለገዢው አንድ ሙሉ ቀን ያተርፍለታል። ጉዳቱ መልሱ ባልታወቀ ቀን ሲመጣ ነው፤ አንድ ማታ የመለስኩለት ሰው በሚቀጥለውም ማታ ቢጠብቀኝ እውነት አለው። ስለዚህ የምጠይቀው የጋራ ሰዓት ነው። በጃንዋሪ እነሱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቢነሱልን፣ እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ እነሱ ከእንቅልፋቸው፣ እኛ ከምሽታችን ጥቂት እንሰጣለን። ከዚያ ውጭ ባሉት ምሽቶች ዝም ማለት አሁንም ይከብደኛል። ያንን ዝምታ የምጠብቀው ግን በማስታወቂያው ላይ «ማረም ትችላለች» ብዬ ስለጻፍኩ ነው፤ እኔ ማታ በመለስኩ ቁጥር የሰጠኋትን ሥልጣን መልሼ እወስድባታለሁና።