የዋናተኛዋ ትከሻና የሳምንቱ ፕሮግራም

የልጅ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ቡራዩ ነው። እኔ ሰበታ ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት አዲስ አበባ ገብታ ትዋኛለች። ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ለዋናተኛ ልጅ ግን ከአስተዳደሩ ይልቅ ታክሲው ነው ቁም ነገሩ። ከዊንጌት በኋላ መንገዱ ከተዘጋ፣ 12፡30 ላይ ከገንዳ የወጣች ልጅ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የጥንካሬ ልምምድ ፕሮግራም ሳወጣላት ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ይህንን ነበር።

ጡረታ እስክወጣ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ልጄ ባለፈው ዓመት ደውላ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ፀጉሯን በግራ እጇ ማሰር ጀምራለች» ስትለኝ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ልጅቷ ቀኝ እጅ ናት። ቀኝ ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ የትከሻዋ ፊት ለፊት ይወጋታል፤ ለአሠልጣኟ ግን አልተናገረችም። ውድድር እየቀረበ ስለነበር እንዳታስቀራት ፈርታለች።

ጉዳዩን ለመረዳት ቆጠራ ይበቃል። ልጅቷ 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ በነፃ ቀዘፋ አንዱን ርዝመት ለመጨረስ 20 ጊዜ ገደማ ትቀዝፋለች። በአንድ ቀን 2,000 ሜትር ትዋኛለች፤ ይህ 80 ርዝመት ነው። 1,600 ቀዘፋ መሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትከሻ 800። በሦስት ቀን አንዱ ትከሻ 2,400 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ላይ አንድ ጂም የሚሄድ የአጎቷ ልጅ «ጠንካራ ሁኚ» ብሎ በየቀኑ 50 ፑሽአፕና ብረት ላይ መንጠልጠል አዞላት ኖሯል። ከገንዳ በመጣችበት ማታ ሳይቀር ትሠራው ነበር።

ፑሽአፕ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ከዋና ጋር ሲደረብ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፤ ኳሱ ትልቅ፣ መቀመጫው ትንሽና ጠፍጣፋ። ኳሱን መሀል ላይ ይዘው የሚያቆዩት በዙሪያው ያሉ አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ዋና ደግሞ በየቀኑ የሚያሠራው በይበልጥ የደረትንና የጀርባን ትልልቅ ጡንቻዎች ነው፤ እነሱም ክንድን ወደ ታች ይስባሉ፣ ወደ ውስጥም ያዞራሉ። ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩትና ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት አጥብቀው የሚይዙት ያን ያህል ድርሻ አያገኙም። እነዚህ ሲደክሙ ኳሱ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ክንድ በተነሣ ቁጥር እዚያ ያለው ጅማት ይፋተጋል። 50 ፑሽአፕ እንግዲህ የበላውን ደግሞ ማብላት፣ የተራበውን ማስራብ ነው።

ያያት ፊዚዮቴራፒስት የተበጠሰ ነገር እንደሌለ ነገረን። ለሁለት ሳምንት ክንዷን ሳታዞር እግሯን ብቻ እየመታች እንድትዋኝ አደረገ። አንድ ነገር አስጠነቀቀን፤ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ስለሆነ ልጻፈው። እግር ብቻ ሲሠራ ልጆች ሰሌዳውን በተዘረጋ ክንድ ከፊታቸው ይይዛሉ። ለታመመ ትከሻ ይህ ዕረፍት አይደለም፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ እየተገፋ ነው። ስለዚህ ያለ ሰሌዳ፣ በጀርባዋ ተንጋልላ እጆቿን ከጎኗ አድርጋ ነው እግሯን የመታችው።

ሕመሙ ከሄደ በኋላ ፕሮግራሙን አወጣን። የጀመርኩት ከቅዳሜ ነው። አሠልጣኟ ከባዱን ዋና የምታሠራው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ትከሻው ማረፍ አለበት። እሑድ ሙሉ ዕረፍት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከገንዳ በኋላ ማሠራት አንዳንድ ቦታ የተለመደ ነው፤ ገንዳው አጠገብ ለሚኖር ልጅ ጥሩም ነው፤ ከባዱ ቀን ከባድ፣ ቀላሉ ቀን ቀላል ሆኖ ይቀራልና። ለቡራዩ ልጅ ግን አይሆንም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደክሟትና ርቧት የምትሠራው ልምምድ ቅርጹ ይበላሻል፤ የቤት ሥራዋም አለ። የቀሩት ሰኞና ረቡዕ ናቸው።

የትከሻው ቀን ሰኞ ሆነ፤ ከትምህርት ስትመለስ ከ10፡30 ጀምሮ 35 ደቂቃ። ከብስክሌት ጠጋኝ የተገዛ የጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁመቱ ቆርጠን በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አሰርነው። መጀመሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ጎድኗ ትስባለች፤ የጀርባዋ ሁለት ጠፍጣፋ አጥንቶች እስኪቀራረቡ፣ ሁለት ሰከንድ ይዛ ቀስ ብላ ትለቃለች። 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ቀጥሎ ጎኗን ወደ መስኮቱ ታዞርና ክርኗን አጥፋ በክርንና በጎድን መካከል የተጣጠፈ ፎጣ ትይዛለች። ፎጣው ሳይወድቅ እጇን ብቻ ወደ ውጭ ትከፍታለች። 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፤ ላስቲኩ የሳሳው ነው። ይህን ሲያዩ «ቀላል ነው» ብለው ላስቲክ የሚያወፍሩ አሉ። ላስቲኩ ሲወፍር ትልልቆቹ ጡንቻዎች ሥራውን ይነጥቁና ትንንሾቹ ቁጭ ይላሉ። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ድካሙ ከትከሻ ኋላ መሰማት አለበት። ፊት ለፊት ወይም አንገት ላይ ከተሰማት ላስቲኩ ከብዷል ማለት ነው።

ፑሽአፑን አልከለከልኩም፤ ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እጆቿን በደረቷ ትይዩ ግድግዳ ላይ አድርጋ ትወርዳለች፣ ትገፋለች፤ ክንዷ ከተዘረጋ በኋላ የላይኛው ጀርባዋ ክብ እስኪሆን አንድ ተጨማሪ ግፊት ትገፋለች። ያቺ የመጨረሻዋ ግፊት ናት የትከሻውን አጥንት ከጎድን ጋር የሚይዘውን ጡንቻ የምታሠራው። 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። መጨረሻ ላይ 5 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረቷ ላይ አቅፋ ቁጭ ብድግ ትሠራለች፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው፤ ዱምቤል መግዛት አላስፈለገንም።

ሰኞ ትከሻዋ ስለሠራ፣ አሠልጣኟን ማክሰኞ መዳፍ ላይ የሚታሰረውን ፕላስቲክ እንድትተውላት ጠየቅናት። ያ ፕላስቲክ መዳፍን ስለሚያሰፋ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ይጨምራል። አሠልጣኟ ሳታቅማማ ወደ ሐሙስ ወሰደችው። ከአሠልጣኝ ጋር ሳይነጋገሩ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ማውጣት አንድን ማሳ ሁለት ሰው ሳይተያይ እንደማረስ ነው።

ረቡዕ የእግርና የወገብ ቀን ነው፤ 25 ደቂቃ። ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣትና መውረድ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሣት፣ በክርን ተደግፎ ፕላንክ 20 ሰከንድ ሦስት ጊዜ። በጎን የሚሠራውን ፕላንክ አላስገባሁትም፤ ክብደቱ በሙሉ በአንድ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ በማግስቱ ደግሞ ፕላስቲኩ አለ።

ዓርብ ልምምድ የለም። አንድ ጋቢ ተጠቅልሎ ከላይኛው ጀርባዋ ሥር ይደረግና ሁለት ደቂቃ ትንጋለላለች፤ ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ያጎነበሰ ጀርባ ካልተፈታ ክንድ እንደ ልብ አይነሣም። ነገር ግን ዓርብን ያበላሸብን ልምምድ አልነበረም፤ ውሃ ነበር። በሰፈራቸው የውሃ ፈረቃ ዓርብ ማታ ይመጣል፤ ልጅቷም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጇ እየጎተተች ታመላልስ ነበር። 20 ኪሎ ማለት ነው፤ ያውም በከባዱ ዋና ዋዜማ። አሁን ወንድሟ ያመላልሳል፤ እሷ ዕቃ ታጥባለች። ልጁ ቅሬታውን ለእኔ ደውሎ አሰምቷል፤ ተቀብያለሁ። የአንበሳ አውቶቡስ ላይ ቆማ ስትሄድም ከላይ ያለውን ብረት በታመመው ክንዷ እንዳትንጠለጠል፣ የመቀመጫውን እጀታ እንድትይዝ ነግሬያታለሁ።

ከዋና በፊት ስድስት ደቂቃ ብቻ፦ ክንድ ማወዛወዝ፣ በሳሳው ላስቲክ አንድ ዙር፣ አበቃ። እስኪደክማት አትሠራም፤ የደከሙ ትንንሽ ጡንቻዎችን ይዞ 800 ቀዘፋ መግባት ሕመሙን ቤት ድረስ እንደመጥራት ነው። ልጆች ገንዳ ዳር አንዱ የሌላውን ክንድ ከኋላ አቆላልፎ ሲስብ አይታችሁ ይሆናል። እሱን ከልክሉ። የዋናተኛ ትከሻ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ የሚለጠጥ ነው፤ የጎደለው የሚይዘው ጉልበት ነው።

ፕሮግራሙ መሥራቱን የምናውቀው በጠዋቱ ነው። ከትከሻ ኋላ ያለ የድካም ስሜት ጤና ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ፊት ለፊት ወይም ጫፉ ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ወይም ማግስቱ ጠዋት ቦርሳ ስታነሣ ከቀጠለ፣ የዚያ ሳምንት የላስቲክ ልምምድ በግማሽ ይቀነሳል፤ ለአሠልጣኟም ይነገራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ፣ ትከሻው ወጥቶ የገባ መምሰል ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው።

ሱሉልታ የሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ለዋናተኛ ልጁ እንዳለ ሊገለብጠው ፈለገ። ሱሉልታ የሯጮች መለማመጃ ናትና እሱም በየጠዋቱ ሩጫ ጨምሮበታል። የእሱ ልጅ ከባዱን ዋና የሚሠራው እሑድ ከሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ሰኞን ሰኞ አድርጌ ልጀምር?» አለኝ። ሰኞ ለእሱ ልጅ የማግስት ቀን ነው፤ ትከሻው ገና አላረፈም። የትከሻውን ቀን ወደ ረቡዕ፣ የእግሩን ወደ ዓርብ አዞርንለት፤ ቅዳሜ ባዶ ሆነ። ሩጫው በሳምንት ሁለት ቀን ቀረ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጠዋት የሮጠ ልጅ ማታ ገንዳ ውስጥ ሲደክመው ክርኑ ይወርዳል፤ የወረደ ክርን ደግሞ ሕመሙን የሚጠራው ነው።

የእኛዋ በስድስተኛው ሳምንት ግድግዳውን ትታ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ወርዳለች። ወለሉ ገና ነው። ውድድር ባለበት ሳምንት ሰኞን አንድ ዙር ብቻ እናደርጋለን፣ ረቡዕን እንተወዋለን፤ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ደግሞ ካቆመችበት ቁጥር ትጀምራለች።