ቶኪዮ ላይ እምቢታ እንዴት ይሰማል?

ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንኖራለን። አዲስ የመጣ ወገን ስለ ባቡሩና ስለ ቆሻሻ አጣጣሉ የሚነግረው አያጣም። እምቢታ እንዴት እንደሚሰማ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው፤ ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ደግሞ ከዚህ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 7፣ እረፍት እንዲሰጠው አለቃውን ጠየቀ። ጃፓኖች የአዲስ ዓመት እረፍታቸውን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 3 ስለሚጨርሱ፣ ሳምንቱ ሥራ የተከማቸበት ነው። አለቃው «ጃንዋሪ 7…» ብሎ ቀኑን ደገመው፤ በጥርሱ መሃል አየር ሳበ፤ «ያ ሳምንት ትንሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወውና «እስቲ እናስብበት» አለ። ልጁ ተስፋ አድርጎ ሰው ጠራ። የፈረቃ ሰሌዳው ሲወጣ ግን በዚያ ቀን ተመድቧል። «ዋሸኝ» ብሎ አዘነ።

አለቃው ግን በእሱ ቤት መልሱን ሰጥቷል። ያልተጨረሰውን ዓረፍተ ነገር እንዲሞላ የሚጠበቀው ሰሚው ነው። ሁለቱም እንዳያፍሩ «አይሆንም» የሚለው ቃል ሳይነገር ይቀራል።

በእርግጥ የሚያስብበት ሰው ምልክት አለው። «ሙሉ ቀን ነው ግማሽ? ማን ይተካሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጥበትን ቀንም ይናገራል። ጥያቄም ቀንም ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እኛም «እግዜር ያውቃል» ብለን እምቢታን ማለስለስ እናውቅበታለን። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። አገር ቤት «በቃኝ» ያለ እንግዳ «በሞቴ» ይባላል፤ መለመን የፍቅር ምልክት ነው። ቶኪዮ ላይ ደጋግሞ መጠየቅ ግን ሰውየው ሊሸሸው የፈለገውን ቃል በግድ ከአፉ ማውጣት ነው።

የሚሻለው፣ ሲጠይቁ መውጫ አብሮ መስጠት ነው፦ «7 ካስቸገረ 8 ይሁንልኝ፤ ወይም የሌሊቱን ፈረቃ ልያዝ።» ይህን የሰማ አለቃ ሳያፍር ሊመርጥ ይችላል። ወጣቱ በፋሲካ ሲጠይቅ እንዲህ አደረገ፤ ፈረቃም ተለዋወጠ።

ይሁንና ጨዋነት መብትን አይሽርም። በጃፓን ሕግ 6 ወር የሠራና ከሥራ ቀኖቹ ቢያንስ በ80 በመቶው የተገኘ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ 10 ቀን የሚከፈልበት የዓመት እረፍት አለው፤ አሠሪው ሥራው በእርግጥ የሚታወክ ከሆነ ቀኑን ሊያዛውር ይችላል እንጂ እረፍቱን ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ ወገኔ፣ ዝምታውን እንደ መልስ ስማ፤ ሕግ የሰጠህን ግን ቀን ጠቅሰህ በጽሑፍ ጠይቅ።