መርሳን በሁለት ፊደል መፈለግ

ከሀብሩና ከወልድያ ወጥተው ጅዳና ሪያድ ለሚሠሩ እኅትና ወንድሞቻችን፣ አሜሪካና አውሮፓ ለተወለዱ ልጆችም ጭምር፣ የመረጃ ገጽ ልንጀምር ነው። ስንመካከር መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ «ሁሉንም በአማርኛ ጽፈን ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰው» የሚል ነበር። እኔ አልተስማማሁም።

ሁለቱ አንባቢዎች የሚጠይቁት አንድ አይደለም። ጅዳ ያለችው እኅታችን የሚያስጨንቃት ውክልና ነው፤ መርሳ ያለውን ቤቷን እናቷ እንዲሸጡላት ትፈልጋለች። ወረቀቱ ቆንስላው ዘንድ ተፈርሞ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከዚያ በፊት ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ይህ ሳይጻፍ የመጣ ሰነድ ጅዳ ተመልሶ እንደገና መሠራቱ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሙሉ ዝርዝሩ በአማርኛ ይሁን፤ እንግሊዝኛው አጭር መግለጫ ይበቃዋል። አያቱን ሊጠይቅ ለሚመጣ ልጅ የመንገዱ መረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይስፋ።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ስማችን ነው። ከተማችንን በእንግሊዝኛ Mersa ብቻ ብሎ የፈለገ ሰው፣ ሐኪሞች በዚያው ድምፅ የሚጠሩት MRSA የተባለው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ፣ ወይም የግብፁ ማርሳ ማትሩህ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «Mersa, North Wollo, Ethiopia» ሳንጽፍ ማለፍ የለብንም። ወልድያም Woldia፣ Weldiya፣ Woldiya እየተባለች ትጻፋለች። አንዱን ለርዕስ መርጠን ሌሎቹን በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ አንድ ጊዜ ማንሳት ይበቃል፤ መደርደሩ አንባቢን ያሰለቻል።

በአማርኛም ሀብሩ፣ ሃብሩ፣ ሐብሩ ተብሎ ይጻፋል፤ ወልድያና ወልዲያም እንዲሁ። ከዚህ የባሰው ቅጥያው ነው። «ከመርሳ»፣ «የመርሳ»፣ «በመርሳ» ብለን ከጻፍን ፍለጋው ስሙን ሁልጊዜ ነጥሎ አያወጣውም፤ በርዕሱ ላይ «መርሳ» ብቻዋን ትቁም። የገጹ አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ይሁን። «መርሳ» የሚለው በዋትሳፕ ሲላክ `%E1%88%98%E1%88%AD%E1%88%B3` ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እናቶቻችን እንዲህ ያለ ሊንክ አይተው ማጭበርበሪያ ነው ብለው ቢተዉት አይፈረድባቸውም።

በእርግጥ የሚጣጣሙ ሁለት ገጾች ሲኖሩ ብቻ በ`hreflang="am"` እና በ`hreflang="en"` እናገናኛቸው። አንዱ ሌላውን ጠቁሞ ሌላው መልሶ ካልጠቆመው ጉግል ግንኙነቱን አይቀበለውም። ሥራችን መሳካቱን የምናየው በ`Search Console` ነው፦ «ውክልና» ብለው የፈለጉ ሰዎች ገጻችን እየታያቸው ካልከፈቱት መጀመሪያ የምናርመው ርዕሱን ነው፤ ጭራሽ ካልታያቸው ደግሞ እነሱ የሚጽፉትን ቃል እኛ አልጻፍነውም ማለት ሊሆን ይችላልና ጅዳ ያሉትን «እናንተ ምን ብላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው።