የአባ እንጦንስ ሥዕሎችና ሦስተኛው ገጽ

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተቀዷል። የጻፈችው ልጅ ፓሪስ ሥዕል ትማራለች። የተጻፈላቸው አያቷ ጎንደር የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ስልክ አላቸው፤ ግን በስልክ የሚነገረውን ሁሉ «ወሬ ነው» ይሉታል። ቁም ነገር በወረቀት ይጻፋል፣ በሰው እጅ ይላካል፣ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነብላቸው የአጎቷ ልጅ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በኋላ ግን ብዙ አስጨንቋታል።

ስትሄድ ያዘዟት አንድ ነገር ነበር፦ «ከትልልቆቹ ሙዚየሞች አንዱን መጀመሪያ የገባሽ ቀን ያየሽውን ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።» እሷ ሉቭር ይሆናል ብላ አስባ ነበር። ነገሩ የሆነው ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መምህራቸው ክፍሉን በሙሉ ለንድፍ ልምምድ ይዞ የሄደው ከኤፌል ማማ ብዙም ወደማይርቀው፣ በ2006 ወደተከፈተው ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

የመጀመሪያው ገጽ እንደ ደንቡ ሰላምታ ነው፤ ከናፍቆት በስተቀር ደህና መሆኗን፣ ብርዱን፣ የእንጀራውን ነገር። ሁለተኛው ገጽ ሕንፃውን ይገልጻል። ወደ ዋናው አዳራሽ የሚያወጣው መንገድ ነጭ ነው፤ ደረጃ የለውም፣ እየተጠማዘዘ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሄዳል። ላይ ሲደርሱ በአንዴ ይጨልማል። ይህን ለአያቷ ስታስረዳ ብዙ ቃል አላስፈለጋትም። «ብርሃን ቀለም ይበላል ይሉኝ የለ? እዚህም ያውቁታል፤ ጨርቅና ቀለም ያለበትን ቦታ ሆን ብለው ያጨልሙታል። እኛ መቅደሱን በጨለማ የምናኖረው ለክብሩ ነው፣ እነሱ ለዕድሜው ነው። ዓይን እስኪለምድ የሚቆመው ግን አንድ ነው።»

ከዚያ ሦስተኛው ገጽ ይመጣል። ሁለት ጊዜ የተቀደደው እሱ ነው።

ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ፊት ለፊቷ የቆሙት የጎንደር ሥዕሎች ነበሩ። እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚያህሉ አይደሉም፤ ግድግዳ የሚሞሉ ናቸው። ፈረሰኞቹን ሰማዕታት አወቀቻቸው። ጀርባው አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ። የልብሱ እጥፋት በተጓዳኝ መስመር የተሠራ ነው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊቱን ወደ ተመልካች መልሷል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ቀርቶለታል። ይህን ሁሉ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከአያቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ተምራዋለች። መግለጫው ላይ የተጻፈውን ስም ስታነብ ግን እርሳሷን አስቀመጠች፦ አባ እንጦንስ፣ ጎንደር።

አባ እንጦንስ የአያቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራ ነው። ደርቡሽ በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል የዚህኛው ሥዕሎች ተርፈዋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን የጎንደር አሳሳል ማየት ለሚፈልግ ሰው የቀረው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ይህ ነው።

ሥዕሎቹ እንዴት ፓሪስ ገቡ? ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ጅቡቲ የደረሰ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነበር፤ መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። በእኛ 1924 ክረምትና 1925 መግቢያ ላይ ጎንደር ሰነበቱ። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች እንደ ሌሎቹ የጎንደር ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ሥዕል ከግድግዳው ጋር ይኖራል ወይም ይሞታል፤ በጨርቅ የተሣለ ግን ይላጣል፣ ይጠቀለላል፣ በሣጥን ይገባል። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሥዕሎቹም ተጎድተው ነበር። ግሪዮል አሮጌዎቹን ሊወስድ፣ በምትካቸው አዲስ ሊያስል ከአገልጋዮቹ ጋር ተስማማ። የስምምነቱ አግባብነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። የቡድኑ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻው ጉዞው ዕቃ የሰበሰበበትን መንገድ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ ጽፎታል። ሙዚየሙ ራሱም በ2025 ያንን ጉዞ ከአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳይቷል።

ለልጅቱ ግን ከሁሉ የከበዳት የዚያ ስምምነት ሁለተኛ ግማሽ ነው። «በምትካቸው አዲስ ሊያስል።» ምትኩን የሣለው ጋስቶን-ልዊ ሩ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ያኔ የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከፓሪስ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ጋር የሚውል እንጂ ቅዱሳን ሥሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሮጌዎቹን እያየ ቅጂዎቹን ሠራ፤ ቅጂዎቹም በአሮጌዎቹ ቦታ ተለጠፉ።

አያቷ ሥዕል የተማሩት ከአንድ መምህር ብቻ አይደለም። እሳቸው እንደሚያወሩት፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ከቅዳሴ በኋላ አባ እንጦንስ ይቀሩና ፈረሰኞቹን በከሰል ድንጋይ ላይ ይገለብጡ ነበር። «እኔ የዮሐንስ ዘመን ሠዓሊዎች ደቀ መዝሙር ነኝ» ይላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የኮሩበት ቃል ነው። ሒሳቡን ሠራችው። እሳቸው ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው የድሮዎቹ ሥዕሎች ከጎንደር ከወጡ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አያቷ ያጠኑት ሩን ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ቁጣ ነበር። «ሰረቁን» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ቀን አሳድራ ስታነበው ደብዳቤው ለአያቷ የተጻፈ አልመሰላትም፤ ለአደባባይ የተጻፈ ነው። ደግሞም ቃሉ አጭር ሆነባት። የጎንደር ቄሶች ሞኞች አልነበሩም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚበሰብስ ሥዕል ይዘው አዲስ የሚሰጥ ሰው መጣላቸው። «አዳኑልን» የሚሉትም ቢሆኑ ያንኑ ያህል ያሳጥሩታል። ሥዕል ማዳን ማለት ጣሪያ መጠገን ሊሆን ይችል ነበር፤ ቆርቆሮና ሚስማር ከሣጥንና ከመርከብ ይረክሳል። ያን አማራጭ የመረጠ የለም።

ሁለተኛው ረቂቅ ዝምታ ነበር። ሉቭርን እንዳየች አድርጋ ልትጽፍ አሰበች። ሽማግሌ ማስከፋት ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ የሚያነበው የአጎቷ ልጅ ነው፤ እሳቸው የሚደበቁበት ጥግ የለም፣ ፊታቸው ሲለወጥ ሰው ያያቸዋል። ግን ትእዛዛቸው ሳታሳምሪ የሚል ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ሠዓሊ ናቸው። የሠዓሊ ሐዘን ከምን እንደሚነሣ እሷ ልትወስንላቸው አትችልም።

ሦስተኛው የተላከው ነው። እንዲህ ይላል፦

«አባባ፣ የምጽፈውን ሲሰሙ እንዳይከፋዎ። በልጅነትዎ እየተመላለሱ የገለበጧቸው ፈረሰኞች የድሮዎቹ አልነበሩም። የድሮዎቹ እዚህ ናቸው፣ አየኋቸው። እርስዎ ያዩአቸው አንድ ወጣት ፈረንሳዊ አሮጌዎቹን እያየ የሣላቸውን ነው። ሁለት ሰዓት ቆሜ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ከእርስዎ እጅ የማውቀው የቱ ጋ እንደሚጀምር። የፈረሱ አንገት እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው። የልብሱ እጥፋትም ነው። መስመሩ ግን ይለያል። እዚህ ያለው መስመር በአንድ ትንፋሽ የተሳበ ነው፤ መነሻው ይወፍራል፣ መጨረሻው ይቀጥናል፣ ያመነታበት ቦታ የለም። እርስዎ ሁልጊዜ ‹የገልባጭ እጅ እየጠየቀ ይሄዳል› ይሉኝ የለ? አባባ፣ ያ ሰው እየጠየቀ ነው የሣለው፤ እርስዎ ደግሞ ከጠያቂ ተምረው መልሱን ራስዎ ያገኙት ይመስለኛል። ጨርቁ የተበላበት፣ ቀለም የሌለበት ቦታም አለ። ያንን ሲሞላ ከራሱ ምን እንደጨመረ አላውቅም። ከእኛ ቤት ሥዕሎች የቱ የድሮ አባቶች፣ የቱ የእሱ፣ የቱ የእርስዎ እንደሆነ ለይቼ ልነግርዎ አልቻልኩም።»

አራተኛው ገጽ መሳምና ሰላምታ ነው፤ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባቷ፣ ለላሟም ሳይቀር።

ደብዳቤው ወደ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ተላከ። ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልተሰማም። ከዚያ የአጎቷ ልጅ ደወለ። አንድ ጊዜ አንብቦ ሲጨርስ አያታቸው ምንም እንዳልተናገሩ፣ ወጥተው ፀሐይ ላይ እንደተቀመጡ፣ ማታ ደግሞ ሦስተኛውን ገጽ ብቻ ድገመው እንዳሉት ነገራት። በማግስቱ በልጅነታቸው አንድ አሮጌ ዲያቆን «እኒህን ፈረንጅ ነክቷቸዋል» ሲል ሰምተው እንደነበር፣ እድሳት ማለቱ መስሏቸው እንደተውት አነሡ። ከዚያ ስልኩን ተቀበሉት።

«የፈረሰኛው ዓይን፣ የታችኛው መስመር ከላይኛው ጋር ይገጥማል ወይስ ክፍት ነው?»

አላስተዋለችም ነበር። እንደዚያ አለቻቸው።

«እኔ ገጥሞ ነው ያገኘሁት። ገጥሞ ሲሣል ግን ቅዱሱ የሚያፈጥ መሰለኝና ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ክፍት አድርጌ ስሥል ኖርኩ። መምህሬ ተቆጥቶኛል። ሂጂና እይልኝ፤ በእርሳስ ገልብጠሽ በወረቀት ላኪልኝ፣ በስልክ እንዳይሆን።»