ከፎቶው ዳር እስከ ጽዋው

ፎቶው የተነሳው ጎንደር ውስጥ፣ ከፋሲል ግቢ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የፋሲለደስ መዋኛ ነው። ቀለበት ያሰሩት ጥንዶች መሐል ላይ ተቀምጠዋል። በሠርጋቸው ቀን ጽዋ አንስቼ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ የላኩልኝ ይህንኑ ፎቶ ነው። እንደ ማንም ሰው መጀመሪያ ያየሁት ፈገግታቸውን ነበር። ፈገግታ ግን የሁሉም ሙሽሮች ፎቶ ላይ አለ፤ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ከዳር ጀምሬ ወደ መሐል ገባሁ።

በግራ በኩል የመዋኛው የድንጋይ ግንብ ይታያል። በላዩ የበቀሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን ወደ ታች ሰድደው ድንጋዩን አቅፈውታል። ከፎቶው ሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ይህ ነው። «እንደ ሥሩና እንደ ግንቡ ተቃቅፋችሁ ኑሩ» የሚለው ምርቃትም ወዲያው አፍ ላይ ይመጣል። እኔ ግን ተውኩት። ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ በወፈረ ቁጥር ግንቡን ይሰነጥቀዋል። አዳራሹ ውስጥ ቦታውን አሳምሮ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ቢኖር፣ ምርቃቱ እርግማን ሆኖ ይሰማዋል።

ከጥንዶቹ ጀርባ ባለ ሁለት ፎቁ ሕንጻ በውሃ ተከቦ ቆሟል፤ ከዳርቻው የሚያገናኘው በቅስቶች ላይ የተሠራ ድልድይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ ግን የንጉሡ ነው እንጂ የሙሽሮቹ አይደለም። ለንግግሬ የፈለግሁት ሕንጻውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ውሃ ነው።

መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ አይገኝም። ለጥምቀት ሲባል ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይገባበታል፤ ጥር 11 ቀን ከተባረከ በኋላ ምእመናን ይጠመቁበታል። በሌላው ወቅት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ደረቅ ወለል ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ግን ሕንጻው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የጥምቀት ሰሞን መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ። ግምት በንግግር ውስጥ እንደ እውነት ስለማይገባ ሙሽሪትን ደውዬ ጠየቅኋት፤ የጥምቀት ማግስት ነበር አለችኝ።

አሁን መሐሉ ጋ ደርሰናል። የእሷ ነጠላ የሁለቱንም ትከሻ ሸፍኗል። ቀለበቱ ጎልቶ ይታያል፤ ስለ ቀለበት ግን ምንም ብትናገሩ ከታዳሚው አንዱ ዋጋውን ማስላቱ አይቀርም፤ አለፍኩት። በመካከላቸው ድንጋዩ ላይ በግማሽ የተጠጣች አንዲት ሃይላንድ ቆማለች። ሌላ የሚጠጣ ውሃ አጠገባቸው የለም። ፎቶ አንሺው ከሥዕሉ ሳያወጣት መቅረቱ ደስ አሰኘኝ፤ ከግንቡም ከቀለበቱም ይልቅ ስለ ሁለቱ የምትናገረው እሷ ናት።

ንግግሩ ይህ ሆነ፦

«እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እነዚህ ሁለቱ በጥምቀት ማግስት ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ዳር የተነሱት ፎቶ አለ። ከኋላቸው ያ ሁሉ ውሃ ሞልቷል፤ እነሱ ግን አንዲት ሃይላንድ ለሁለት እየጠጡ ነው። ያ መዋኛ በራሱ አይሞላም፤ ውሃው ከቀሃ የሚመጣው ቦይ የሚከፍት ሰው ስላለ ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፤ ቤታችሁ ይሙላ! ቢጎድልም ቦዩን ቀድሞ የሚከፍት ከሁለታችሁ አይጥፋ! ሞልቶም ቢተርፍ፣ በአንድ ዕቃ መጠጣቱን አትርሱት! ለሙሽሮቹ ጤና ጽዋችንን እናንሳ።»

ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ምርቃት መጨረሻ ታዳሚው «አሜን» የሚልበት ፋታ ተትቶለትም ማለት ነው። ያ ፋታ ካልተተወ አሜኑ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ላይ ይወድቅና ሁለቱም አይሰሙም። ነጠላውንም ልጨምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መጋራትን ሃይላንዷ ተናግራለች፤ ሁለት ጊዜ ሲባል ይሳሳል።

በእናንተም እጅ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ፣ የጻፋችሁትን ፎቶውን ላላዩ አንድ አዛውንት አስቀድማችሁ አንብቡላቸው። «የቱ ውሃ?» ብለው ከጠየቋችሁ አዳራሹም አይገባውምና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።