«ሲመችዎ» ያስከፈለኝ ሦስት ሳምንት



ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጥናቴን ስሠራ በአንዲት ቃል ምክንያት ሦስት ሳምንት አጥቻለሁ። ቃሏ «ሲመችዎ» ናት። ብዙዎቻችን ለአማካሪ መምህር፣ ለቢሮ ባለሙያ ወይም ለቀድሞ ተመራቂ መልእክት ስንልክ የምንጽፋት ጨዋ ቃል ስለሆነች የደረሰብኝን ላካፍላችሁ።

የተወለድኩት ሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ የምታገኟት፣ ስሟን ከሐሙስ የወሰደች የገበያ ከተማ ናት። ከእሷ አልፎ ወደ ጉማራ ወንዝ ያለው ሜዳ ሩዝ የሚመረትበት ነው። ጥናቴ እዚያ ባሉ የማጠንፈፊያ ቦዮች ላይ ነበር፤ ክረምት ላይ ማሳው ላይ የሚተኛው ውኃ በቦዮቹ በኩል ለምን ቶሎ እንደማይወጣ ለማወቅ የቦዮቹን ተዳፋት በሌቭል መለካት ነበረብኝ። ይህ ሥራ የሚሠራው መሬቱ ደረቅ ሲሆን ነው። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሜዳው ውኃ ይሆናል። ግንቦት ካለፈኝ የምለካው ነገር ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከመለካቴ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ አንድ የግብርና ባለሙያ ማግኘት ነበረብኝ። ስልካቸውን አገኘሁና ሚያዝያ 14 ቀን በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ተማሪ ነኝ። ስለ ጥናቴ ላነጋግርዎት ስለምፈልግ ሲመችዎ ቢያገኙኝ ደስ ይለኛል።» ከአራት ቀን በኋላ «ስለ ምን ጉዳይ ነው?» የሚል መልስ መጣ። «ስለ ቦዮች ነው» አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ «መቼ ነው የፈለግኸው?» አሉኝ። «እኔ ሁልጊዜም ይመቸኛል፣ እርስዎ በመረጡት ቀን» አልኩ። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እኔ ትሕትና ያሳየሁ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 2 ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ ሐሙሲት ሄድኩ። አጎቴ እህል ነጋዴ ነው። ስለ ባለሙያው ሳማርርለት «እስቲ ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?» አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። አነበበና መለሰልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ ቀጠሮ መጠየቅ አይደለም፣ ቀጠሮ አውጡልኝ ማለት ነው። እኔ የአይሱዙ ሹፌሩን ‹ሲመችህ ና› ብዬው አላውቅም። ‹ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት፣ 20 ኩንታል ሩዝ፣ ወደ ባሕር ዳር› ነው የምለው። እሱም ‹እሺ› ወይም ‹አይሆንም› ይለኛል፤ በቃ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። «ሲመችዎ» የምንለው ሰው ሦስት ሥራ እንሰጠዋለን። የራሱን ሳምንት አገላብጦ ክፍት ሰዓት መፈለግ፣ ጉዳዩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ መገመት፣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ማሰብ። ሦስቱም ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን ሥራ የበዛበት ሰው «ማታ አየዋለሁ» ብሎ ያልፋቸዋል፣ ማታ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣል። ሰውየው ንቀውኝ አልነበረም። «እሺ» ብለው የሚመልሱለት ነገር አልሰጠኋቸውም ነበር።

በማግስቱ እሑድ ማታ አዲስ መልእክት ጻፍኩ። ከመጻፌ በፊት ሦስት ነገር አጣራሁ። አንደኛ፣ ባለሙያው የት ይውላሉ? ሐሙስ ሐሙስ ገበሬው ለገበያ ስለሚወጣ እሳቸውም ከተማው ውስጥ እንደማይጠፉ አጎቴ ነገረኝ። ስለዚህ አንዱን ሰዓት ሐሙስ አደረግሁት፤ ለእኔ ብለው መንገድ አይጀምሩም። ሁለተኛ፣ ሌላውን ሰዓት ዓርብ ሳደርገው የመሥሪያ ቤቶቹን የዓርብ እረፍት አሰብኩ። ከ5:30 እስከ 7:30 ቢሮ ዝግ ነው፣ እኔም ጁምዓ ነኝ። ከ7:30 በኋላ ደግሞ ሰው ተመልሶ እስኪረጋጋ ትንሽ ስለሚቆይ 8:30 አልኩ። ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቼን ሰባት ጽፌ ወደ ሁለት አወረድኳቸው። የላክሁት ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የውኃ ሀብት ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ሐሙሲት ናቸው። ከጉማራ በታች ያሉትን የማጠንፈፊያ ቦዮች ተዳፋት ከግንቦት 11 ጀምሮ ልለካ ነው። ከዚያ በፊት 20 ደቂቃ ብቻ ቢሰጡኝ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ፦
1. ከሦስቱ ቦዮች ክረምት ላይ ውኃ ቶሎ የሚያቆረው የትኛው ነው? እሱን ለመለካት።
2. ባለፉት ዓመታት ቦዮቹ የተጠረጉት መቼ መቼ ነው?
ሰዓቱ፦ ሐሙስ ግንቦት 7 ከጠዋቱ 4:00 ሐሙሲት ገበያው አጠገብ፣ ወይም ዓርብ ግንቦት 8 ከሰዓት በኋላ 8:30 ቢሮዎ። ሁለቱም ካልተመቹ እስከ ሰኞ ያለ ሌላ ሰዓት ይጻፉልኝ፣ እመጣለሁ። ቦዮቹን የሚያሳይ የአንድ ገጽ ንድፍ አያይዣለሁ፤ ሌላ ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም።»

ሰኞ ጠዋት መልስ መጣ፦ «ሐሙስ 4 ሰዓት ይሁን። 2ኛውን ባልደረባዬ ነው የሚያውቀው፣ ይዤው እመጣለሁ።»

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ጉዳዩን ባልጽፍ ኖሮ ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብለን ስንነጋገር «እሱን እኔ አላውቀውም» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ሌላ ቀጠሮ ፍለጋ እጀምር ነበር። አጭር የመነጋገሪያ ነጥብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ተጠያቂው ሰው ትክክለኛው ሰው መሆኑን ከስብሰባው በፊት ያጣራል። ይህ የሚሆነው ግን ነጥቡ በጥያቄ መልክ ሲጻፍ ነው። «ስለ ቦዮቹ ሁኔታ» ብዬ ብጽፍ ማንም ሰው የሚያውቀው ጉዳይ ይመስላል። «መቼ መቼ ተጠረጉ?» ሲባል ግን የሚያውቅና የማያውቅ ወዲያው ይለያል።

ከዚያ ወዲህ ይህን አካሄድ ለጀመዓችን ሥራም ስጠቀምበት የተበላሹብኝ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሰዓት ምርጫ ማብዛት ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ መምህር አምስት ሰዓት ዘርዝሬ ላክሁ። መልስ እስኪመጣ ሁለቱን ለሌላ ሰው ሰጠኋቸው፣ መምህሩም የመረጡት ከሁለቱ አንዱን ሆነ። የሰጠነው ሰዓት መልስ እስኪመጣ ድረስ የተያዘ ነው፤ ስለዚህ መያዝ የምንችለውን ያህል ብቻ፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት እንስጥ። መልስ ከዘገየ ደግሞ «መልእክቴ ደርሶዎት ይሆን?» ብሎ መላክ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያው መልእክት ያሉት ቀኖች አልፈው ከሆነ በአዲስ ቀኖች ተክተን እንላክ፣ አለዚያ ሰውየው «እሺ» የሚልበት ነገር የለውም።

ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ጀርመን ለሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ «ቅዳሜ 3 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ነበር። እኛ ጠዋት ተሰብስበን ስንጠብቅ እሱ ስልኩ ላይ የመዘገበው ከሰዓት በኋላ `15:00` ብሎ ነበር። ስልክ የእኛን 3 ሰዓት አያውቅም፤ ለእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት `09:00` ነው። ስለዚህ ለውጭ አገር ሰው «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ `09:00`» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ የእሱንም አገር ሰዓት እጨምራለሁ። ጀርመን በብርድ ወራት ከእኛ ሁለት ሰዓት፣ በሙቀት ወራት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀይሩ ያለፈው ጊዜ ስሌት ሁልጊዜ አይሠራም።

በመካከላችን ደግሞ «ከዐስር በኋላ እንገናኝ» የምንለው አለ። ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ ከሁለት ሰዓት በላይ አለ። አንዱ ሰላም እንዳሰላመተ መስጂዱ በር ላይ ይቆማል፣ ሌላው ዶርም ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ይመጣል፤ ሁለቱም ቃላቸውን ጠብቀዋል። «ዐስር ጀመዓ እንዳለቀ፣ 10:15፣ መስጂዱ በር ላይ» ካልን ግን ማን እንደዘገየ ይታወቃል።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የሰው ቤት ስንሄድ ፈቃድ የመጠየቅን አደብ ሲያስተምሩን፣ «ተመለስ» ከተባልን ቅር ሳይለን እንድንመለስ ይነግሩን ነበር። የቀጠሮ ጥያቄም እንደዚያው ነው። ቀኑና ሰዓቱ የተለየ ጥያቄ «አይሆንም» ለማለትም ይመቻል፤ ለእኛም የተቆረጠ መልስ ከሦስት ሳምንት ዝምታ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከባለሙያው ጋር ከተገናኘን በኋላ ማሳቸው ቦዩ ዳር ያለ አንድ አዛውንት ገበሬ ማነጋገር ነበረብኝ። ለእሳቸው የነጥብ ዝርዝር አልላክሁም። እዚያው ገበያ ውስጥ አጎቴ ወሰደኝ፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅን፣ ከዚያ አጎቴ «ይኼ ልጅ ሰኞ ጠዋት ቦዩን ሊለካ ይመጣል፣ እርስዎ ማሳዎ ላይ ነዎት?» አላቸው። «አለሁ፣ ይምጣ» አሉ። መንገዱ የአክብሮት መንገድ ነበር፤ ቀኑ ግን እዚያም አልቀረም።

ሰኞ ግንቦት 11 ሌቭሉን ተሸክመን ቦዩ ዳር ስንደርስ አዛውንቱ ዱላቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልኬቱን በሦስት ቀን ጨረስን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ደመናው ከጣና በኩል እየከበደ መጣ።