ሁለት ጾም በአንድ ማስታወቂያ

በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ጀመረ፤ ረመዳንም ጥቂት ቀን ሳይቆይ ተከተለው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ለምንሸጥ ሰዎች ይህ ከባድ ሒሳብ ነው። የጾም በየዓይነቱን በቅናሽ ልናቀርብ ያሰብነው ለምሳ ነበር። በረመዳን ግን ከተማው ቀን ላይ ዝም ይላል፣ ምግብ ቤቱም በአብዛኛው የሚከፈተው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ማስታወቂያውን የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ብዙው ፒኬ 12 ላይ ጭነት የሚጠብቅ ሹፌርና ረዳት፣ ወይም ዕቃ ሊያስጭን ለሁለት ቀን የመጣ ነጋዴ ነው። የያዘው ፍራንክ የተቆጠረ ነው። «ለጾሙ 25 በመቶ ቅናሽ» የሚለውን ብቻ አይቶ በሚኒባስ እኩለ ቀን ላይ ቢመጣና በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው፣ የመመለሻ ሒሳቡ ሁሉ ከምሳው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከቅናሹ ይልቅ ስለ ቀንና ሰዓት ብዙ ተነጋገርን።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ቀን ወሰንን። «እስከ ፋሲካ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን አንዱ የፋሲካን ቀን ጨምሮ ያነበዋል፣ ሌላው እስከ ዋዜማው ይለዋል። እኛ ደግሞ በስቅለትና በቀዳም ስዑር ወጥ ቤቱን እንዘጋለን። ስለዚህ መጨረሻው ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1 ሆነ። የፈረንጁንም ቀን ከጎኑ አደረግን፤ እዚህ ያለው የቀን መቁጠሪያ ሁሉ የፈረንጅ ነውና። በፈረንሳይኛው ደግሞ «ኢንክሉ» የምትለውን ቃል ጨመርን፤ እሷ ከሌለች የመጨረሻው ቀን ይቆጠር አይቆጠር አይታወቅም።

ሰዓቱ የባሰ ነው። ከድሬዳዋ ለመጣ ሰው ማታ 1 ሰዓት የሚባለው ለጅቡቲው 19 ሰዓት ነው። አንዱን ብቻ ብንጽፍ ግማሹ አንባቢ ይሳሳታል።

ረመዳን የሚገባበትን ቀን ግን አስቀድመን መጻፍ አልቻልንም። ጨረቃ ታይታ የሚታወጅ ነገር ነው። ቀን ገምተን ከመጻፍ ይልቅ ሰዓቱ የሚለወጠው በምን ምክንያት እንደሆነ ጻፍን፤ አዋጁ የተሰማ ዕለት ማንም ሰው ራሱ ያውቀዋል።

የወጣው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«የጾም በየዓይነቱ 900 ፍራንክ። የዘወትር ዋጋው 1,200።
ከሰኞ የካቲት 9 እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ቀን 2018 (ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ኤፕሪል 9፣ 2026)፤ ሁለቱም ቀናት ይቆጠራሉ።
ሰዓት፦ ከቀኑ 6 እስከ 10 (ከ12 እስከ 16)። ረመዳን ከገባበት ቀን እስከ ኢድ ዋዜማ ግን ከመግሪብ በኋላ እስከ ምሽቱ 4 (22) ብቻ።
በቀን 40 ሰሃን። ካለቀ በኋላ በዘወትር ዋጋ።
ቅናሹ አሳን፣ መጠጥንና ታዞ የሚወሰድን አይጨምርም። ተጨማሪ እንጀራ 100 ፍራንክ።
ክፍያ በፍራንክ።»

«1,200» የጻፍነው ባለፉት ወራት በእርግጥ በዚያ ዋጋ ስንሸጥ ስለነበር ነው። ለማስታወቂያው ሲባል ዋጋን ለአንድ ሳምንት ሰቅሎ መልሶ ማውረድ ቅናሽ አይባልም፤ ደንበኛውም የድሮውን ዋጋ ያስታውሳል። «እስኪያልቅ ድረስ» የሚለውንም በ40 የተካነው፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ዕድሉን አስቀድሞ እንዲገምት ነው። አሳን ለብቻ ያነሳነው በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ ነው፤ ሁለቱም ሰሃኑ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። የእንጀራዋ 100 ፍራንክ ትንሽ ትመስላለች፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን ከእሷ ነው። የማይጨመር ነገር ዋጋው አብሮ ከተጻፈ ሰው ሒሳቡን ከቤቱ ሠርቶ ይመጣል።

አንድ ነገር ቀረ። ፌስቡክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማረም ይቻላል፤ በዋትስአፕ ከሹፌር ወደ ሹፌር የተላለፈ ፎቶ ግን አይመለስም። ፎቶው ብቻውን ስለሚዞር ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ሰዓቱንና የማይጨመሩትን ሁሉ ፎቶው ላይ በትልቁ አስፍረናል። ሚያዝያ 2 ጠዋት ፌስቡኩ ላይ «ተጠናቋል» ብለን ጻፍን። ፎቶው እስከ ዛሬ በአንዳንድ ስልክ ውስጥ አለ፤ ከፍቶ የሚያየው ሰው ግን ጊዜው ማለፉን ራሱ ያነባል።